ህዳር ላይ የመሮጫ ሰዓቴን ለምን ከማለዳ አወጣሁት

ለህዳሩ ታላቁ ሩጫ የሚዘጋጅ የአዲስ አበባ ሰው ዋናውን ልምምድ የሚሠራው በጥቅምትና በህዳር ነው፤ ሰዓቱም አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ ነው። እኔም ከለገሃር ተነስቼ በስታዲየም በኩል ወደ መስቀል አደባባይ የምወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ሁለት በጋ ሙሉ ከሳል ጋር ኖርኩ። ሰው ሁሉ «ብርድ መትቶህ ነው» ስላለኝ ዝንጅብሉንም ዳማከሴውንም ጠጣሁ፤ ሹራብ ደረብኩ፣ አፌን በሻርፕ ሸፈንኩ። ሳሉ ግን ሩጫ ባቆምኩ በአምስተኛው ቀን ይተወኝና ስጀምር ተመልሶ ይመጣል። ይህን የምጽፈው ከንጋት ሩጫ በኋላ ደረቱ እየተያዘ «ለሩጫ አልተፈጠርኩም» ብሎ ጫማውን ሊሰቅል ላሰበ ሰው ነው። ከመስቀልዎ በፊት ሰዓትዎንና መንገድዎን ይመርምሩ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ብርዱንና ጢሱን አንድ አድርጌ ማየቴ ነው። ሁለቱ የሚያስከትሉት ሳል ይለያያል፤ ልዩነቱን ለማወቅም መሣሪያ አያስፈልግም። የብርዱ ሳል ደረቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሳው በሩጫው መሀል ሳይሆን ሩጫው ካለቀ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ቤት ገብተው ጫማ ሲፈቱ ማለት ነው። በግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልፋል። ምክንያቱ ቅዝቃዜው ብቻ ሳይሆን ድርቀቱም ነው። በህዳርና በታኅሣሥ ንጋት አዲስ አበባ ከ10 ዲግሪ በታች ትወርዳለች፤ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ የሚይዘው እርጥበት ትንሽ ነው። አርፎ የተቀመጠ ሰው በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ይስባል። ሯጭ ግን ከ60 ሊትር በላይ ይስባል፤ ያንንም በአፉ ነው። አየሩን የሚያሞቀውና የሚያረጥበው አፍንጫ ስለሚታለፍ የመተንፈሻ ቱቦው የራሱን እርጥበት እየሰጠ ይደርቃል፣ ከዚያም ይኮማተራል። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ለዚያው ፍጥነት ብዙ መተንፈስ ስለሚያስፈልግ ድርቀቱ ይብሳል።

የጢሱ ሳል እንዲህ አያልፍም። ጉሮሮ ይከረክራል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ አንዳንዴም ራስ ያሳምማል። ማታ ሲተኙ ይቀሰቀሳል፤ በማግስቱ ጠዋትም አለ። ቤት ገብተው በነጭ መሀረብ አፍንጫዎን ሲያጸዱ ጥቁር ነገር ከወጣ ምስክር አያስፈልግዎትም። የእኔ ይኸኛው ነበር፤ ሁለት ዓመት ያከምኩት ግን ያኛውን ነው።

ሻርፑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ። አፍ ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ ለብርዱ እውነትም ይጠቅማል፤ ሲተነፍሱ የወጣውን ሙቀትና እርጥበት ይዞ ለሚቀጥለው ትንፋሽ ይመልሰዋል። ወፍራሙን የመንገድ አቧራም በከፊል ይይዛል። የጢስና የናፍጣ ብናኝ ግን ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ስለሆነ በጨርቁ ቀዳዳ እንደልቡ ያልፋል። ፊት ላይ የማይገጥመው የሕክምና ማስክም በጎንና በጎን ያስገባዋል። በደንብ የሚገጥመው N95 ያጣራል፤ ነገር ግን አየሩ ስለሚጠብ ለርምጃ እንጂ ለሩጫ አይሆንም። በሻርፕ ተማምኖ በጢስ መሀል የሚሮጥ ሰው ሙቀት አግኝቷል እንጂ ከጢሱ አላመለጠም።

ሁለተኛው ስህተቴ መፍትሔውን ይበልጥ በማርፈድ ፈንታ ይበልጥ በማለድ መፈለጌ ነው። መኪና ሳይበዛ ልጨርስ ብዬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መውጣት ጀመርኩ። መኪናው እውነትም ይቀንሳል፤ ብርዱ ግን የባሰበት ሰዓት ነው፣ ማታ የተነሳው ጢስም ገና አልሄደም። የጎዳናውን ውሻና ጨለማውን ሳንቆጥር።

ነገሩ የገባኝ አንድ ጠዋት ከአራት ኪሎ ቁልቁል ስመለስ ነው። ከአንድ ግቢ ጀርባ የእንጀራ መጋገሪያ ጢስ እየወጣ ነበር። ጢሱ ቀጥ ብሎ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ወጣና እዚያ ላይ ጣራ የነካ ይመስል ቆመ፤ ከዚያ ወደ ጎን እንደ ነጠላ ተዘረጋ። ወደ ላይ መሄዱን ተወው። ቀና ስል ከአጠገቡ የሌላው ግቢም፣ የዳቦ ቤቱም ጢስ በዚያው ከፍታ ላይ ተኝቷል። እኔ የምሮጠው ከዚያ ጣራ በታች ነው።

በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ሙቀቷን ቶሎ ትለቃለች። ከመሬት የሚነካው አየር ይቀዘቅዝና ከላይ ካለው ሞቃት አየር በታች ይተኛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ስለዚህ ከላይ ያለው ሞቃት አየር እንደ ድስት ክዳን ይገጥምበታል። ከተማችን ደግሞ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ የምትወርድ ተዳፋት ናት። ሌሊቱን ቀዝቃዛው አየር በቀበናና በግንፍሌ ሸለቆ እየወረደ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሰበሰባል። ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የቁርሱ ከሰልና እንጨት፣ የሥራ መግቢያው ሚኒባስና አውቶቡስ የሚያወጡት ሁሉ ከዚህ ክዳን ሥር ይጨመራል። ንፁህ አየር ብለን የምንወጣበት ሰዓት በበጋ የቀኑ መጥፎ ሰዓት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ፀሐይዋ መሬቱን እስክታሞቅ፣ ማለትም እስከ 3 ሰዓት ተኩል ወይም 4 ሰዓት ድረስ ክዳኑ አይነሳም። ከዚያ በኋላ አየሩ ይገላበጣል፣ ነፋስ ይነሳል፣ ጢሱም ይበተናል። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ እራት ሲሠራና መንገዱ ሲጨናነቅ እንደገና ይከማቻል።

«ታዲያ አትሌቶቹስ በንጋት አይደል የሚሮጡት?» የሚል ሰው አይጠፋም። አዎ፤ ግን በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ሰንዳፋ ወይም እንጦጦ ጫካ ወጥተው ነው። እኛ ሰዓታቸውን ወሰድንና ቦታቸውን ተውነው።

ስለዚህ ሰዓቴን ወደ ቀን አዞርኩ። ለቢሮ ሠራተኛ ሁለት መስኮት አለ፤ የምሳ ሰዓትና ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ያለው። እኔ የሚስማማኝ ሁለተኛው ነው። የቀን ፀሐይ በዚህ ከፍታ ላይ ቀልድ ስላልሆነ ምሳ ላይ የሚሮጥ ሰው ኮፍያና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልገዋል፤ ፍጥነቱንም በኪሎ ሜትር 15 ወይም 20 ሰከንድ ቢያዘገይ አይከፋውም። የግድ ጠዋት መሮጥ ያለበት ሰው ቅዳሜና እሑድን 4 ሰዓት ላይ ያድርግ፤ በሥራ ቀን ደግሞ የንጋቱን ሩጫ ቀላል ብቻ ያድርገው። ቀላል ማለት እየሮጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር የሚቻልበት ነው። ፈጣን ድግግሞሽን ማለዳ ላይ መሥራት ግን ያንኑ ጢስ በእጥፍ መጠን ወደ ሳንባ ጥልቅ መሳብ ነው።

ሰዓቱን መቀየር ጢሱን ፈታልኝ፤ አቧራውን አመጣብኝ። የሁለቱ ሰዓት ተቃራኒ ነው። ጢስ የሚወደው ነፋስ የሌለበትን ማለዳ ነው፤ አቧራ ደግሞ የከሰዓቱን ነፋስ። በህዳር ብዙም አይታወቅም፤ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ዝናብ ከጠፋ ወራት ሲቆጠሩ ግን ከግንባታ አጥርና ካልተነጠፈ መንገድ ዳር አፈሩ ይነሳል። በእነዚህ ወራት ሩጫዬን ወደ 4 ሰዓት አመጣዋለሁ፤ ክዳኑ ተነስቶ ነፋሱ ገና ያልበረታበት ጠባብ ሰዓት ነው። በሥራ ቀን ካልተቻለ በመንገድ ምርጫ ማካካስ ነው።

መንገድን በሚመለከት ካወቅሁት ሁሉ የጠቀመኝ አንድ ነገር ነው፤ የመኪና ጢስ ርቀት አይችልም። ከአውራ ጎዳናው ጠርዝ 100 ወይም 150 ሜትር ያህል ሲርቁ በጣም ይቀንሳል። አንድ ሰፈር ገባ ብሎ በትይዩ መሮጥ ከዋናው መንገድ ዳር ከመሮጥ ይለያል። የእኔ አሮጌ መንገድ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ ነበር። ዳገት ላይ ሞተር ስለሚጨነቅ አሮጌ ናፍጣ መኪና ጥቁሩን የሚተፋው እዚያ ነው፤ ሯጩም በሰፊው የሚተነፍሰው እዚያው ዳገት ላይ ነው። ከዚህ የባሰ ግጥምጥሞሽ የለም። ዳገት ለመሥራት ከፈለጉ ታክሲና አውቶቡስ የማይወጣበትን ይምረጡ። መብራት ያለበት መስቀለኛ መንገድም እንዲሁ ነው፤ ቀይ ላይ ቆሞ አረንጓዴ ሲበራ የሚነሳ ሚኒባስ የሚያወጣው ሲሄድ ከሚያወጣው ይበልጣል። ለመሻገር መቆም ካለብዎ ከጠርዙ አምስት ስድስት ርምጃ ወደ ኋላ ይቁሙ።

ከዋናው መንገድ ማምለጥ ካልተቻለ ደግሞ ከሁለቱ የእግረኛ መንገዶች አንዱ ይሻላል። በበጋ ነፋሱ በአመዛኙ ከምሥራቅ ይመጣል። እንደ ቸርችል ከደቡብ ወደ ሰሜን በሚሄድ መንገድ ላይ የምሥራቁን ዳር ይዘው ከሮጡ ነፋሱ የመኪናውን ጢስ ከእርስዎ ወደዚያ ይወስደዋል። ይህ የሚሠራው ግራና ቀኙ ገለጥ ባለ መንገድ ላይ ነው። በሁለቱም ጎን ረጃጅም ፎቅ በተሰለፈበት ነፋሱ ከላይ ገብቶ ስለሚሽከረከር ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ጥጋት እኔ ጭራሽ ትቼዋለሁ።

የውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን ጎዳና የራሱ ሰዓት አለው። ከሰዓት በኋላ ፀጥ ያለና ንፁህ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ግን በየበሩ ማንደጃ ወጥቶ ከሰል ይቀጣጠላል። ከሰል ብዙ የሚጨሰው ሲቀጣጠል ነው፤ ደጅ የሚወጣውም ቤቱን እንዳያጥን ነው። እናቶች ከቤታቸው ያወጡትን ጢስ እኛ በደንብ እንስበዋለን። ያው ጎዳና 10 ሰዓት ላይ መልካም ነው።

መስቀል አደባባይ የብዙዎቻችን መሮጫ ስለሆነ እሱንም ልጨምር። በደረጃዎቹ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚሮጥ ሰው ከታች ባለው እርከንና ከላይ ባለው መካከል ልዩነት አለው፤ የታችኛው ከመንገዱ ጋር ጉርብትና ነው። የላይኞቹን ይዞ መሥራት ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ጥቅም ነው። ጃንሜዳ ደግሞ ሜዳው ሰፊ፣ ቦታው ከመሀል ከተማው ከፍ ያለ ስለሆነ በውስጥ ሲሮጡ ከመንገዱ መራቅ ይቻላል። ከሸለቆው ዳር የተሠሩትን አዳዲስ የእግር መንገዶች ለከሰዓት እንጂ ለንጋት አልመክርም፤ ያ ከእንጦጦ የወረደው ቀዝቃዛ አየር ጢሱን ይዞ የሚተኛው እዚያ ነው።

ወደ ውጭ ልውጣ ወይስ ልቅር የሚለውን ስልክ ላይ በሚታየው የአየር ጥራት ቁጥር መወሰን ይቻላል፤ አንድ ወጥመድ ግን አለ። ስልኩ ሁለት ዓይነት ቁጥር ያሳያል። አንዱ AQI የሚባለው መለኪያ ነው፤ ሌላው PM2.5፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው የብናኝ መጠን በማይክሮግራም ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። PM2.5 35 ሲሆን AQI ወደ 100 ይጠጋል፤ 55 ሲሆን ወደ 150። «55 ብቻ ነው፣ ደህና ነው» ብሎ የወጣ ሰው የትኛውን እንዳነበበ ማየት ነበረበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር የቀን አማካይ PM2.5 ከ15 እንዳይበልጥ ነው። ሌላው ደግሞ የቀኑን አማካይ ሳይሆን የሰዓቱን ቁጥር ይመልከቱ፤ አማካዩ የማለዳውን ክምር ከከሰዓቱ ጋር ቀላቅሎ ይደብቀዋል።

የእኔ ደንብ ቀላል ነው። AQI ከ100 በታች ከሆነ የታቀደውን እሮጣለሁ። ከ100 እስከ 150 ከሆነ ፈጣኑን ሰርዤ ከ40 ደቂቃ የማይበልጥ ቀላል ሩጫ እሠራለሁ። ከ150 በላይ ከሆነ ውጭ አልሮጥም። አስም ያለበት ሰው አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ በ100 ይግባ። ቁጥሩ ከሌለ ወይም መለኪያው ሩቅ ከሆነ እንጦጦን አያለሁ። ከፍ ካለ ቦታ ሲያዩት የጋራው ዛፍና ገደል ከተለየ መልካም ነው፤ ጫፉ ብቻ በቡናማ ጉም ላይ ከተንሳፈፈ ቤት ይሻላል። ከአጠገብ ያለውንም ጢስ ማየት ነው፤ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ከተበተነ ይሮጣል፣ ከተኛ አይሮጥም።

ቤት ውስጥ መግባትም የራሱ ስህተት አለው። መጀመሪያ የገባሁበት ጂም ምድር ቤት ላይ ነበር፤ መስኮቱ ወደ ታክሲ ተራ ተከፍቶ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ በሩ አጠገብ ይነሳል። ውጭ ብሮጥ ይሻለኝ ነበር። ጂም ሲመርጡ ከመንገዱ ተቃራኒ ጎን የሆነ፣ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ያለ፣ ማለዳ መስኮቱ የሚዘጋ ይሁን፤ ጄኔሬተሩ የት እንዳለም ይጠይቁ። ቤት ውስጥ ገመድ የሚዘል ሰውም ቡና ከሚፈላበት፣ ዕጣን ከሚጨስበት ሰዓት ይራቅ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የአንድ ቁንጥር ዕጣን ጢስ ከጎዳናው ሊበልጥ ይችላል። የኮንዶሚኒየም ደረጃ መውጣትና መውረድም ጥሩ ልምምድ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ከሰል የተቀመጠበት ሰዓት ካልሆነ።

እስቲ ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ላሳይ፤ ህዳር 12 ያለበትን ሳምንት። በ1911 ዓ.ም. ከገባው የህዳር በሽታ ወዲህ በዚህ ዕለት ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል ልማድ ሆኗል፤ «ህዳር ሲታጠን» የምንለው። ክዳኑ በገጠመበት ወር ላይ የየሰፈሩ ጢስ ሲጨመር ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። በሳምንት አራት ቀን የምሮጥ ከሆነ ህዳር 10 ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ፈጣኑን ሥራ እጨርሳለሁ፤ 3 ደቂቃ ፈጣን፣ 2 ደቂቃ ቀስ፣ ስድስት ጊዜ። ህዳር 11 እረፍት ነው። ህዳር 12 ውጭ አልሮጥም፤ ጂም ውስጥ በትሬድሚል ላይ 40 ደቂቃ ቀላል እሮጣለሁ። ያም ካልተመቸ እተወዋለሁ፤ አንድ ቀን መዝለል ብቃትን አይቀንስም። ህዳር 13 ማለዳ አየሩ የጸዳ መስሎ ቢያታልልም የትናንቱ ጢስ አብሮ ስላደረ እስከ 4 ሰዓት አልወጣም፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩን አይቼ ቀላል 35 ደቂቃ። ረጅሙን 14 ኪሎ ሜትር ለቀጣዩ እሑድ 4 ሰዓት አቆያለሁ፤ ከተቻለ ወደ እንጦጦ ወጥቼ።

ለብርዱ ሳል፣ ማለትም ለዚያ ከሩጫ በኋላ ለሚመጣው ደረቅ ሳል፣ የማሟሟቂያ ሩጫ ትልቅ ነገር ነው። 10 ደቂቃ በቀስታ፣ ከዚያ እያንዳንዳቸው 20 ወይም 30 ሰከንድ የሆኑ ስድስት ፈጠን ያሉ ሩጫዎች፣ በመሀላቸው አንድ ደቂቃ ርምጃ። ይህን የሠራ ሰው ቱቦው ለቀጣዮቹ አንድ ሁለት ሰዓታት ቶሎ አይኮማተርም። ሲጨርሱም በድንገት አይቁሙ፤ ሻርፑን አፍ ላይ እንዳደረጉ 10 ደቂቃ ይራመዱ። ይህን ሁሉ አድርገው ደረት እያፏጨ ከቀጠለ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሳል ካለ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከሩጫ በፊትና በኋላ ትንፋሽ ሲለካ አስም ከሆነ ይለያል፤ ከሩጫው ሩብ ሰዓት በፊት የሚሳብ መድኃኒት ታዝዞላቸው ዓመቱን ሙሉ የሚሮጡ አሉ። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም ከመጣ ግን ሩጫውን እዚያው አቁመው ወዲያውኑ ይታከሙ።

አሁን ማለዳ የምወጣው በክረምቱ መጨረሻ፣ ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ባደረበት ጠዋት ነው። ያኔ እንጦጦ ከመስቀል አደባባይ ላይኛው እርከን ሆነው ሲያዩት ዛፉ አንድ በአንድ ይቆጠራል።